ቲማቲም በጀሪካን፦ ለድሬ የሚሆነውና ለሐረር የሚሆነው

ድሬዳዋና ሐረር በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ቢራራቁም ለቲማቲም ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። ሐረር ጀጎል ውስጥ ባለ ግቢ በጀሪካን ተተክሎ ያማረ ቲማቲም በዚያው አያያዝ ድሬ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ቢተከል አበባውን አራግፎ ባዶውን ሊቀር ይችላል። የድሬው አያያዝ ሐረር ላይ ሲደገም ደግሞ ቅጠሉ ይጠቁራል። ስለዚህ ዝርያ፣ ዕቃ፣ ድጋፍና የቡቃያ ነቀላ ስንመርጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ግቢው የትኛው ከተማ እንደሆነ ነው።

ሂሳቡ የሚጀምረው ከውሃ ነው

አንገቱ የተቆረጠ ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን 18 ሊትር ያህል አፈር ይይዛል። ጥሩ ድብልቅ የሆነ አፈር ጠጥቶ ከጠገበና ትርፉ ከታች ከፈሰሰ በኋላ በግምት አምስት ሊትር ውሃ ያስቀራል። ሥሩ ያን ሁሉ አያገኘውም፤ ሳይቸገር የሚስበው ግማሹን፣ ማለትም ሁለት ሊትር ተኩል ያህሉን ነው። የቀረው ከአፈሩ ጋር በጣም ስለሚጣበቅ ተክሉ ይጠወልጋል እንጂ አይጠጣውም።

አሁን ይህን ከተክሉ ፍላጎት ጋር እናስተያየው። ያደገና ፍሬ የያዘ አንድ ቲማቲም ሐረር ላይ ደመና ባለበት ወይም መለስተኛ ፀሐይ ባለበት ቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ይበቃዋል። ጀሪካኑ ጠዋት ከጠገበ እስከ ነገ ጠዋት ያደርሰዋል። ድሬ ላይ በበጋው ፀሐይ ያው ተክል ሦስት ሊትር፣ ነፋስ ካለ ከዚያም በላይ ይጠጣል። ጠዋት የጠገበ ጀሪካን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቀበት ማለት ነው። ከዚህ በታች ያለው ምርጫ በሙሉ ከዚህ ቁጥር የሚመነጭ ነው፤ ቅጠል በበዛ ቁጥር መጠጡ ይበዛል፣ ዕቃው ባነሰ ቁጥር ማከማቻው ያንሳል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያለ ሰው ደግሞ ስንት ጀሪካን ልትከል ብሎ ከመወሰኑ በፊት በውሃ መጥፊያው ቀን ለተክል የሚተርፈው ስንት ሊትር እንደሆነ ይቁጠር። አራት ጀሪካን ድሬ ላይ በሙቀቱ ወር በቀን ከ12 ሊትር በላይ ይፈልጋል።

አጭሩ ዝርያ ወይስ ረጅሙ?

ቲማቲም በአበቃቀሉ ሁለት ዓይነት ነው። አጭሩ ቁመቱ ከጉልበት እስከ ወገብ ደርሶ ራሱን ያቆማል፤ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጫፉ ላይ አበባ አውጥቶ ይጨርሳል፣ ፍሬውም በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ ተከታትሎ ይደርሳል። ሮማ ቪኤፍ በአገራችን በብዛት የሚታወቀው የዚህ ዓይነት ምሳሌ ነው፤ ስሙ ላይ ያሉት ሁለት ፊደላት ከአፈር የሚነሱ ሁለት የማጠውለግ በሽታዎችን እንደሚቋቋም ያመለክታሉ። ረጅሙ ግን ማቆም አያውቅም። ድጋፍ እስካገኘና ውሃ እስካልተቋረጠበት ድረስ ዋናው ግንድ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ፍሬውን በየዘለላው ከታች ወደ ላይ እያደረሰ ለወራት ይሰጣል። መኒሜከርና አብዛኞቹ ጥቃቅን የወይን ዘለላ የሚመስሉ ቲማቲሞች ከዚህ ወገን ናቸው።

ችግኝ ሻጩ ዝርያውን ካላወቀ፣ ብዙ ጊዜም አያውቅም፣ ተክሉ ሁለት የአበባ ዘለላ እስኪያወጣ ጠብቁና በሁለቱ ዘለላ መካከል ያለውን ቅጠል ቁጠሩ። ሦስት ቅጠል ካለ ረጅሙ ነው። አንድ ወይም ሁለት ብቻ ከሆነና ዘለላዎቹ የተጠጋጉ ከሆኑ አጭሩ ነው። ይህን ሳያዩ ቡቃያ መንቀል መጀመር ትልቅ ጉዳት አለው፤ ምክንያቱ ከታች ይመጣል።

ለድሬ አጭሩን ምረጡ። ምክንያቱ ቁመት አይደለም፣ ጊዜ ነው። ቲማቲም ቀኑ ከ32 ዲግሪ እያለፈ ሌሊቱም ከ21 ዲግሪ በታች አልወርድ ሲል የአበባው ብናኝ ይበላሻል። አበባው ያምራል፣ ግን ሳይዝ አንገቱ ላይ ያለችው ትንሽ ጉጥ ቢጫ ትሆንና ከዚያችው ቦታ ተቆርጦ ይወድቃል። ድሬ ላይ ከመጋቢት በኋላ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ማዳበሪያ ቢጨመርም ውሃ ቢበዛም አይመልሰውም። ስለዚህ አበባው መውጣት ያለበት ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ቀዝቀዝ ያለ ወቅት ነው። መስከረም መጀመሪያ ላይ ዘሩን አፍልቶ ጥቅምት መግቢያ ላይ ወደ ጀሪካን ያዛወረ ሰው ኅዳር ላይ አበባ፣ ጥር ላይ ፍሬ ያያል። ከአበባ እስከ ብስል ፍሬ አንድ ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል። በዚህች ጠባብ መስኮት ውስጥ ፍሬውን አከታትሎ የሚጨርስ ዝርያ ያዋጣል። ረጅሙ ሐሳቡ ለወራት መስጠት ስለሆነ ግማሽ ዕድሜው ሙቀት ላይ ይወድቅበታል።

ለሐረር ግን ረጅሙ የተሻለ ነው። ሙቀቱ ለብናኙ የሚስማማ ስለሆነ ተክሉ ለወራት ሊሰጥ ይችላል፤ የጀጎልን የመሰለ ግድግዳው ከፍ ያለና ወለሉ ጠባብ ግቢ ደግሞ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ ለሚያድግ ተክል የተሠራ ነው። የሐረር ችግር ሌላ ነው። አንደኛው የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ነው፤ ሌሊቱ ከ12 ዲግሪ በታች ሲወርድ አበባው መያዝ ያቅተዋል፣ የያዘውም ትንሽና ጎባጣ ይሆናል። ሁለተኛው የክረምቱ እርጥበት ነው፤ ገበሬው ምች የሚለው የቅጠል በሽታ ሐምሌና ነሐሴ ላይ በአንድ ሳምንት ተክሉን ያጠቁረዋል። ስለዚህ ታኅሣሥ መጨረሻ ወይም ጥር ላይ አፍልታችሁ የካቲት ላይ ብትተክሉ ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ሰኔ መጨረሻ ትለቅማላችሁ። ክረምቱ ሲገባ ጀሪካኑን ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ማስጠጋት ይቻላል፤ በዕቃ መትከል መሬት ላይ ከመትከል የሚበልጥበት አንዱ ቦታ ይኸው ነው።

ጀሪካን፣ ጆንያ፣ ባልዲ፣ ገንቦ

ለአጭሩ ዝርያ 20 ሊትር ዝቅተኛው ነው። ለረጅሙ 30 ወይም 40 ሊትር ይሻላል፤ ያ ከሌለ 20 ሊትሩን ተጠቅማችሁ ግንዱን አንድ ብቻ አድርጉት። በባለ 10 ሊትር የቀለም ባልዲ ውስጥ ቲማቲም አይበቅልም ማለት አይቻልም፣ ይበቅላል፤ ግን ድሬ ላይ በቀን ሦስት ጊዜ የሚያጠጣ ሰው ቤት ካልዋለ ፍሬው ታች ጫፉ መጥቆሩ አይቀርም።

ቢጫው የዘይት ጀሪካን ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ውስጡን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቡት። ፀረ ተባይ የነበረበትን ግን በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። የማዳበሪያ ጆንያ ብዙ አፈር ይይዛል፣ አየርም ያስገባል፤ ነገር ግን በጎኑ ሁሉ ስለሚተን ድሬ ላይ ውሃ ይጨርሳል፣ ፀሐዩም ክሩን ያደርቀውና በአንድ ወቅት ውስጥ ይበጣጠሳል። ሐረር ላይ ግን ጆንያ ጥሩ ምርጫ ነው፤ አፉን ወደ ውጭ አጠፍ አጠፍ አድርጋችሁ እስከ 40 ሊትር ሙሉት። ሸክላ ገንቦ ሥሩን ያቀዘቅዛል፣ በግድግዳው ግን ያልባል፤ ውሃ ለማይቸገር ሰው ብቻ ይሁን። ጥቁር ፕላስቲክ ድሬ ላይ ፀሐይ ውስጥ አይቀመጥ፤ ፀሐይ ባረፈበት ጎን ያለው ሥር ይቃጠላል፣ ቅጠሉም ውሃ እያለ ይጠወልጋል።

ቀዳዳው ላይ ሁለቱ ከተሞች ይለያያሉ። ለሐረር ከታች ወለሉ ላይ በትንሽ ጣት የሚሆን ስድስት ቀዳዳ ብሱ፣ ዝናቡ ቶሎ እንዲወጣ። ለድሬ ግን ወለሉን አትንኩት፤ ከወለሉ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ በዙሪያው ጎን ላይ ብሱ። ከቀዳዳው በታች የሚቀረው ውሃ ትንሽ መጠባበቂያ ይሆናል፣ ከቀትር በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ተክሉን ያቆየዋል። ጀሪካኑን ነጭ ኖራ ብትቀቡት ወይም ውጩን በአሮጌ ጆንያ ብትሸፍኑት ሥሩ ላይ የሚደርሰው ሙቀት ይቀንሳል። ሲሚንቶ ወለል ላይ በቀጥታ አታስቀምጡት፣ ሁለት ጡብ ወይም ብሎኬት ከሥሩ ይግባ፤ የድሬ ሲሚንቶ ማታ አንድ ሰዓት ላይም ትኩስ ነው።

አፈሩ ሦስት እጅ የአትክልት አፈር፣ ሁለት እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ ይሁን። ድሬ ላይ አሸዋ ከደቻቱ ወንዝ ስለሚገኝ ሰው እጁን ዘርግቶ ይጨምራል፤ ከአንድ እጅ በላይ ከገባ አፈሩ ውሃ መያዙን ያቆማል። ጥሬ ፍግ ሥር ያቃጥላል፤ ሽታው ጠፍቶ እንደ አፈር እስኪፈረፈር ይቆይ። ጀሪካኑን እስከ አፉ አትሙሉት፣ ለውሃ አራት ጣት ቦታ ይተው። ችግኙን ደግሞ ከቆመበት በጥልቀት ቅበሩት፦ የታች ቅጠሎቹን ንቀሉና ግንዱ እስከ ላይኞቹ አራትና አምስት ቅጠሎች ድረስ አፈር ውስጥ ይግባ። የቲማቲም ግንድ አፈር በነካው ቦታ ሁሉ ሥር ያወጣል።

ድጋፍ፦ ችካል፣ ሦስት እግር ወይስ ገመድ?

ድጋፉ ከችግኙ ጋር በዚያው ቀን ይተከል። ተክሉ ካደገ በኋላ ችካል መትከል ሥሩን ይወጋል፣ ጀሪካን ውስጥ ደግሞ ሥር የሌለበት ቦታ አይገኝም።

አንድ ችካል ለአጭሩ ዝርያ ይበቃል። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው የቀርከሃ ወይም የባሕር ዛፍ ዘንግ እስከ ወለሉ ድረስ ከግንዱ አራት ጣት አርቃችሁ አስገቡ። የአርማታ ብረት ለሐረር ምንም አይልም፤ ድሬ ላይ ግን ፀሐይ ሲመታው ግንዱን በነካበት ቦታ ያቆስለዋል፣ ስለዚህ ጨርቅ ይጠምጠምበት ወይም እንጨት ይሁን።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በረጅሙ ላይ ነው። ሁለት ሜትር ዘንግ ገዝቶ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ጀሪካን ውስጥ ይተክላል። ፍሬው ሲከብድ ዘንጉ አፈሩን ይዞ ያዘነብላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲመጣ ጀሪካኑ ራሱ ይወድቃል። መሬት ላይ የሚያዋጣው ችካል ዕቃ ውስጥ መያዣ የለውም። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ሦስት ዘንግ በጀሪካኑ ሦስት ጥግ ተክሎ አናታቸውን በሲባጎ አንድ ላይ ማሰር ነው፤ ይህ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይሠራል። ሁለተኛውና ለሐረር ግቢ የምንመርጠው ከላይ የሚወርድ ገመድ ነው። ከጣሪያው ማገር ወይም ግድግዳ ላይ ከተመታ ሚስማር የቃጫ ገመድ ቁልቁል ልቀቁ፣ ታችኛውን ጫፍ ከመጀመሪያው ጠንካራ ቅጠል ሥር በሰፊው ቋጠሮ እሰሩት። ግንዱ ባደገ ቁጥር በሳምንት አንዴ ገመዱን በግንዱ ዙሪያ፣ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ጠምጥሙት። ክብደቱ ወደ ጣሪያው ስለሚሄድ ጀሪካኑ አይናወጥም። ገመዱ የተወጠረ አይሁን፤ ጣት የሚያስገባ ልቅነት ከሌለው ጀሪካኑ ሲንቀሳቀስ ሥሩን ይነቅላል።

ችካል ላይ ስታስሩ ሽቦም ሆነ ቀጭን ናይለን አትጠቀሙ። የአሮጌ ነጠላ ወይም የቲሸርት ቁራጭ በሁለት ጣት ስፋት ቀድዳችሁ በ8 ቁጥር ቅርጽ እሰሩ፦ አንዱ ቀለበት ችካሉን፣ ሌላው ግንዱን ይያዝ፣ መሃል ላይ ይጠላለፍ። ማሰሪያው ከቅጠል በታች እንጂ ከአበባ ዘለላ በታች አይሁን፤ ፍሬው ሲከብድ ዘለላውን ጨርቁ ላይ አሳርፎ ይቆርጠዋል።

የውሃው ምት

ለቲማቲም ጥማትም ጥጋብም ብቻውን እንደ መዋዠቁ አይጎዳውም። ፍሬው ታች ጫፉ ላይ ጥቁር፣ ደረቅና ጎድጎድ ያለ ክብ ሲያወጣ ብዙ ሰው በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ይረጫል። ነገሩ የካልሲየም እጥረት ነው፣ ግን አፈሩ ውስጥ ካልሲየም ስለሌለ አይደለም። ካልሲየም የሚጓዘው በውሃ ነው፤ ውሃው ከተቋረጠ በመጀመሪያ የሚቀረው ከግንዱ ርቆ ያለው የፍሬው ጫፍ ነው። ድሬ ላይ ይህ ይበልጥ ይገባል፦ የከተማው ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚጋግር ካልሲየም የሞላበት ውሃ ነው፣ ፍሬው ግን ይጠቁራል። የእንቁላል ቅርፊት ፈጭቶ መነስነስ እዚያ ምንም አይጨምርም። የጠቆረው አይድንም፣ ልቀሙና ጣሉት፤ ምቱ ከተስተካከለ ቀጣዩ ዘለላ ንጹሕ ይወጣል።

ድሬ ላይ ፍሬ የያዘ ተክል በቀን ሁለቴ ይጠጣ። ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊት ሁለት ሊትር፣ ከሰዓት አሥር ወይም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንድ ሊትር ተኩል። የጠዋቱ ከታች በቀዳዳው ትንሽ እስኪፈስ ይድረስ፤ ያ የሚፈሰው ውሃ ብክነት አይደለም፣ ጨዉን አጥቦ ያወጣል። ቀትር ላይ ቅጠሉ ቢጠወልግ አትደንግጡ፣ ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገቡ። እርጥብ ከሆነ ተክሉ ራሱን ከፀሐይ እየጠበቀ ነው፣ ማታ ይመለሳል። ጠዋት በማለዳ ጠውልጎ ከተገኘ ግን ያ እውነተኛ ጥማት ነው፣ ወይም አፈሩ እርጥብ ሆኖ ከሆነ ሥሩ በስብሷል ማለት ነው።

ሐረር ላይ በቀን አንዴ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት አካባቢ አንድ ሊትር ተኩል ይበቃል። ደመና ባለበት ቀን ጣታችሁ ይወስን፤ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ይለፍ። ማታ ማጠጣት ድሬ ላይ ጥቅም ሲሆን ሐረር ላይ ጉዳት ነው፤ እርጥብ ቅጠልና ቀዝቃዛ ሌሊት ሲገናኙ ምች ይጀምራል። በሁለቱም ከተማ ውሃው ቅጠሉን ሳይነካ ሥሩ ላይ ይፍሰስ።

አፈሩ አንዴ ድርቅ ብሎ ከጀሪካኑ ግድግዳ ከተላቀቀ ከላይ የምታፈሱት ውሃ በስንጥቁ ቁልቁል ይሮጥና ከታች ይወጣል። ፈሰሰ፣ ጠገበ ብላችሁ ትሄዳላችሁ፤ ማታ ተክሉ ወድቆ ታገኙታላችሁ። የዚህ ምልክቱ ጀሪካኑ ከጠጣ በኋላም ሲነሳ ቀላል መሆኑ ነው። ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልታችሁ ጀሪካኑን ለግማሽ ሰዓት አቁሙት፣ ከታች ወደ ላይ ይምጠጥ፤ ከዚያ አፈሩን በጣት ወደ ግድግዳው ጠጋ ጠጋ አድርጉት።

አፈሩን ከላይ መሸፈን ድሬ ላይ ግዴታ፣ ሐረር ላይ እንደ ወቅቱ ነው። የባቢሌ ኦቾሎኒ ቅርፊት በእጃችሁ ካለ ከጭድ ይሻላል፣ አይበርም፤ ሦስት ጣት ውፍረት አልብሱት፣ ግንዱን ግን አያስነካው። ሐረር ላይ ክረምት ሲገባ አንሱት፣ ቀንድ አውጣ መደበቂያ ይሆናል።

ውሃው ለሁለት ቀን የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ባለ ሁለት ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳኑን በመርፌ ሁለት ቦታ በስታችሁ፣ ታቹን ቆርጣችሁ አፉን ቁልቁል ከግንዱ አንድ ስንዝር አርቃችሁ ቅበሩት። ሲሞላ በዝግታ ያንጠባጥባል። ለሐረር አንድ ቀን ያሻግራል፤ ለድሬ ግን ግማሽ ቀን ነው፣ ስለዚህ ጀሪካኑን ወደ ጥላ ማስጠጋት አብሮ ይሁን። ከሁለት ቀን ጥማት በኋላ አምስት ሊትር በአንዴ አትስጡ። ሊበስል የደረሰ ፍሬ ውስጡ ቶሎ ያብጣል፣ ቆዳው አብሮ አይለጠጥም፣ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ግማሽ ሊትር፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ፣ ማግስቱን ሙሉውን። ሊበስል የደረሰውን ፍሬ ደግሞ ከማጠጣት በፊት ልቀሙት።

አመድ መነስነስ የለመዳችሁ ድሬ ላይ ተዉት። ውሃው ራሱ አፈሩን ኮምጣጤነት ያሳጣዋል፣ አመድ ሲጨመርበት ብረት መሳብ ያቅተዋል፤ አዲሱ ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ በጅማቶቹ መካከል ያለው ቢጫ ይሆናል። ዩሪያም ከሆነ በጣም ትንሽ፣ አበባ ከመውጣቱ በፊት ብቻ፤ ከዚያ በኋላ ቅጠል እንጂ ፍሬ አይሰጥም። የመጀመሪያው ፍሬ የብይ መጠን ሲያህል ሁለት እፍኝ ኮምፖስት፣ ከዚያ በየሦስት ሳምንቱ ያንኑ መድገም ለጀሪካን ይበቃል።

የብብት ቡቃያ፦ መንቀል ወይስ መተው?

በግንዱና በቅጠሉ መገናኛ ብብት ላይ የሚወጣው ቡቃያ ከተተወ ራሱን የቻለ ግንድ ይሆናል። መንቀል ቅጠል ይቀንሳል፣ የቀረው ፍሬ ይተልቃል፣ ነፋስ ያልፋል፣ ውሃም ይቆጠባል። ነገር ግን ፍሬውን ከፀሐይ የሚጋርደውም ያው ቅጠል ነው። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ንቀሉ ወይም በፍጹም አትንቀሉ የሚል ምክር የማይሠራው።

አጭሩ ዝርያ ላይ ከመጀመሪያው የአበባ ዘለላ በታች ያሉትን ብቻ ንቀሉ። ከዚያ በላይ ያሉት ቡቃያዎች ፍሬውን የሚሸከሙት ራሳቸው ናቸው፤ ዋናው ግንድ ጥቂት ዘለላ አውጥቶ ይቆማልና እነሱን የነቀለ ሰው ምርቱን ነቀለ። ዝርያውን ሳታውቁ እጃችሁን አትስደዱ ያልነው ለዚህ ነው።

ረጅሙ ላይ ሐረር ውስጥ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንድ ግንድ፣ ከ30 ሊትር በላይ ከሆነ ሁለት ግንድ ይሁን። ሁለተኛውን የምትመርጡት ከመጀመሪያው የአበባ ዘለላ ልክ በታች ካለው ብብት ነው፣ ከሁሉም ጠንካራው እሱ ነው። የቀሩትን በየሳምንቱ፣ የጣት ርዝመት ሳያልፉ፣ ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ በአውራና በሌባ ጣት ይዛችሁ ወደ ጎን ገፋ አድርጉ፤ ቀጭ ብለው ይወጣሉ። ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ እስከ ማታ ይደርቃል። ቢላ አያስፈልግም፤ ቢላ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው በሽታ ይዞ ይሄዳል። ትምባሆ የሚያጨስ ሰው ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ ትምባሆን የሚያጠቃው ቫይረስ ቲማቲምንም ይይዛል።

ረስታችሁት እንደ እርሳስ የወፈረ ቡቃያ ካገኛችሁ ከሥሩ አትገንጥሉት፣ ቁስሉ ሰፊ ይሆናል። ሁለት ቅጠል አስቀርታችሁ ጫፉን ብቻ ቁንጥጥ አድርጉት። ድሬ ላይ ረጅሙን ዝርያ የግድ ከተከላችሁ ሁሉንም ቡቃያ በዚህ መንገድ አድርጉ፦ ሁለቱ ቅጠሎች ለፍሬው ጥላ ይሆናሉ፣ ቡቃያውም አይረዝምም። ቅጠሉን ሙልጭ አድርጎ ያራገፈ ሰው ድሬ ላይ በሦስት ቀን ውስጥ ፍሬው ፀሐይ ባየበት ጎን ነጭና ወረቀት የመሰለ ጠባሳ ሲያወጣ ያያል። ያ የፀሐይ ቃጠሎ ነው፤ ጠባሳው ላይ ቆይቶ ጥቁር ሻጋታ ይበቅላል።

የታች ቅጠሎች ሌላ ጉዳይ ናቸው። አፈር የሚነኩት በሁለቱም ከተማ ይነሱ። ከዚያ በኋላ በፍሬ ከተጫነው ዘለላ በታች ያለውን ቅጠል ሐረር ላይ በሳምንት ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ማንሳት ትችላላችሁ። ድሬ ላይ ቢጫ እስኪሆን ይቆይ።

ከሐረሩ ረጅም ተክል ላይ የነቀላችሁት ጣት የሚያህል ቡቃያ አይጣል፤ የታች ቅጠሉን አንስታችሁ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጥላ ላይ አቁሙት። በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ሥር ያወጣል፣ ከዘር ከተነሳ ችግኝም ቀድሞ ያብባል። እናቱ በሽታ ካለባት ግን ልጁም ያው ነው። በተለይ ድሬ ላይ ነጭ ዝንብ የሚያመጣው ቫይረስ ቅጠሉን ወደ ላይ ጠቅልሎ ተክሉን የሚያጫጨው ከሆነ ነቅላችሁ በፌስታል አስራችሁ ጣሉት።

አንድ ግቢ ድሬ፣ አንድ ግቢ ሐረር

ሳቢያን ውስጥ ሲሚንቶ የፈሰሰበት፣ ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ የሚውልበት ግቢ እናስብ፤ ውሃ አንድ ቀን እየዘለለ ይመጣል፣ ለተክል በቀን አሥራ አንድ ሊትር ይተርፋል። እዚህ የሚበቃው ሦስት ጀሪካን አጭር ዝርያ ነው፣ አራተኛው ሌሎቹን ያስጠማል። ጀሪካኖቹ ኖራ ተቀብተው፣ ብሎኬት ላይ፣ ከቤቱ በምሥራቅ በኩል ይቀመጡ፤ ከሰባት ሰዓት በኋላ የቤቱ ጥላ እንዲያርፍባቸው። ግንብ ከሌለ አሮጌ ነጠላ ወይም የጥላ መረብ በሁለት ዘንግ ላይ ይወጠር። መስከረም መግቢያ ላይ ይፈላ፣ ጥቅምት ላይ ይተከል፣ አንድ ሜትር ችካል፣ ከመጀመሪያው ዘለላ በታች ብቻ ነቀላ።

ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ደግሞ ግንቡ ከፍ ያለ፣ ፀሐይ ከሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚገባበት ግቢ ይሁን፤ ውሃው በሳምንት የተወሰነ ቀን ብቻ ይመጣል፣ በበርሜል ይጠራቀማል። ስድስት ሰዓት ፀሐይ ለቲማቲም ዝቅተኛው ልክ ነውና ዕቃው ፀሐይዋ ከሁሉ ረዝማ በምታርፍበት ግንብ ሥር ቢሆን ጥሩ ነው። ሁለት ጆንያ ባለ 40 ሊትር፣ በእያንዳንዱ አንድ ረጅም ተክል በሁለት ግንድ፣ ከጣሪያው የሚወርድ ቃጫ፣ በቀን በድምሩ አራት ሊትር። አምስተኛው ዘለላ ሲያብብ ከላዩ ሁለት ቅጠል አስቀርታችሁ አናቱን ቁረጡት፤ ከዚያ በላይ የሚወጣው ክረምቱ ሳይደርስበት አይበስልም።

አለቃቀሙም ይለያል። ቲማቲም ከ30 ዲግሪ በላይ ቀይ ቀለሙን መሥራት ያቆማል፤ ድሬ ላይ መጋቢት ላይ ተክሉ ላይ የተተወ ፍሬ ብርቱካንማ ሆኖ ይቀራል፣ ይለሰልሳል እንጂ አይቀላም። ታች ጫፉ ላይ ሮዝ ቀለም ብቅ ሲል ልቀሙና ቤት ውስጥ ቀዝቀዝ ያለ ጥላ ላይ፣ ፀሐይ ሳይነካው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ሳይደራረብ አስቀምጡት፤ በአራትና በአምስት ቀን ይቀላል። ሐረር ላይ ግን ተክሉ ላይ እስኪቀላ ቢቆይ ጣዕሙ ይበልጣል፣ ወፍ ካልቀደመ።